የጠርሙስ ዘይት ወይስ የጀሪካን ዘይት? የሊትሩን ዋጋ በትክክል የማወዳደሪያ ዝርዝር መመሪያ

የጀሪካን ዘይት ከጠርሙሱ ይረክሳል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ጥያቄው በስንት ይረክሳል የሚለው ነው። ልዩነቱ በሊትር ትንሽ ከሆነ፣ ከ18 ኪሎ ጋር መታገሉም ሆነ ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማውጣቱ ላያዋጣ ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ሆኖም ዘይቱ ሳያልቅ ከተበላሸ፣ በርካሽ የገዛችሁት ነገር ውድ ይሆናል።

ስለዚህ እዚህ የምንፈልገው ሁለት ቁጥር ነው። አንደኛው የገዛችሁት ሊትር ዋጋ ነው። ሁለተኛው ድስት ውስጥ የገባው ሊትር ዋጋ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አውቆ ያቆማል። ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ሁለተኛው ነው።

ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው፤ የየትኛውም ገበያ ዋጋ አይደሉም። የገንዘቡንም ስም አልጻፍኩም። እናንተ በምትገበዩበት ገንዘብና በራሳችሁ ዋጋ ተኩት። የሚያስፈልጋችሁ የስልክ ካልኩሌተር ነው፤ ሚዛን ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ።

መጀመሪያ፦ ዘይቱ አንድ ዓይነት ነው?

ይህን ሳያረጋግጡ ማወዳደር ዋጋ የለውም። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የሱፍ ዘይት፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የፓልም ዘይት ከሆነ፣ የምታወዳድሩት ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። የዋጋው ልዩነት ከዘይቱ ዓይነት የመጣ ይሁን ከዕቃው ትልቅነት ማወቅ አትችሉም።

የፊት ለፊቱን ሥዕል አትመኑ። የአበባ ሥዕል ስላለበት ብቻ ውስጡ የሱፍ ነው ማለት አይደለም። በጀርባው በትንሽ ፊደል የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር አንብቡ። «የአትክልት ዘይት» ብቻ ከተባለ ከምን እንደተሠራ አልነገራችሁም፤ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሌላ ጠርሙስ ወይም ሌላ ጀሪካን ፈልጉና አንድ ዓይነቶቹን አወዳድሩ።

የመጠቀሚያ ጊዜውንም አብራችሁ እዩ። ጀሪካን አንዳንዴ የሚረክሰው ጊዜው ስለቀረበ ነው። ጠርሙስ ላይ ሁለት ወር መቅረቱ ብዙም አያሳስብም። ጀሪካን ላይ ሁለት ወር ከቀረ ግን 20 ሊትር ያህል በሁለት ወር መጨረስ አለባችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ውስጡ በትክክል ስንት እንዳለ ፈልጉ

ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። የዕቃው ስም ሌላ፣ በውስጡ ያለው መጠን ሌላ ነው።

ትንሹን ጠርሙስ ሰው «የሊትር ዘይት» ይለዋል። አንስታችሁ ስታዩት ግን 900 ሚሊ ሊትር የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። 750 የሚልም አለ። ቁመቱ ከሊትር ጠርሙስ ጋር እኩል ይሆንና ወገቡ ላይ ገባ ብሎ ይሠራል፤ በዓይን አይታወቅም።

ጀሪካኑንም ሰው «የ20 ሊትር ጀሪካን» ይለዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጀሪካኑ የመያዝ አቅም ነው። ውስጡ ያለው ዘይት ግን 20 ሊትር ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እስከ አፉ አይሞላም፤ ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያም በላይ ብዙ ጀሪካን የሚሸጠው በኪሎ ተለክቶ ነው። «የተጣራ ክብደት 18 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ፣ የከፈላችሁት ለ18 ኪሎ እንጂ ለ20 ሊትር አይደለም።

«የተጣራ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። «ጠቅላላ ክብደት» ከተባለ ፕላስቲኩም ተቆጥሯል። ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ 19 ኪሎ ጠቅላላ ማለት 18 ኪሎ ዘይት ማለት ነው።

በምሳሌያችን ጠርሙሱ 900 ሚሊ ሊትር ሆኖ ዋጋው 189 ነው። ጀሪካኑ ላይ ደግሞ በትልቁ «20 ሊትር»፣ በትንሹ «የተጣራ ክብደት 18 ኪሎ» ተጽፏል። ዋጋው 3,600 ነው።

የጀሪካኑን መታሸግ ከተጠራጠራችሁ ወይም ዘይቱ ተቀድቶ የሚሸጥ ከሆነ መመዘን ይሻላል። የሻጩ ሚዛን ላይ ሙሉውን አስመዝኑና አንድ ኪሎ ቀንሱ። ቤት ከደረሳችሁ በሰው መመዘኛ ሚዛን መጠቀም ትችላላችሁ። መጀመሪያ ብቻችሁን ቁሙ፣ ቀጥሎ ጀሪካኑን ይዛችሁ ቁሙ፣ ልዩነቱን ውሰዱና ለባዶው ጀሪካን አንድ ኪሎ ቀንሱ። እንዲህ ያለው ሚዛን ግማሽ ኪሎ ያህል ሊሳሳት ስለሚችል ጥቂት መቶ ግራም አነሰ ብላችሁ ከሰው አትጣሉ። አንድ ኪሎ ተኩል ከጎደለ ግን ሚዛኑን አታሳብቡበት።

አንድ ኪሎ ሲጎድል ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ያህል፦ ውስጡ 18 ሳይሆን 17 ኪሎ ቢሆን፣ የሊትሩ ዋጋ በ11 ገደማ ይጨምራል። ጀሪካን ከመግዛት ከምታገኙት ትርፍ ግማሽ ያህሉን ይበላዋል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱንም ወደ አንድ መለኪያ አምጡ

አንዱ በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በኪሎ ተጽፏል። እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም። ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ ለዚህ ነው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲሆን፣ አንድ ሊትር የምግብ ዘይት ግን 920 ግራም ያህል ነው። የሱፍም፣ የአኩሪ አተርም፣ የበቆሎም፣ የፓልምም ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ከ910 እስከ 925 ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለገበያ ስሌት 0.92 ይበቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር ብቻ ያዙ። ኪሎውን ወደ ሊትር ለመለወጥ ለ0.92 አካፍሉ። የኪሎ ዋጋን ወደ ሊትር ዋጋ ለመለወጥ ደግሞ በ0.92 አባዙ። አንዱ ማካፈል፣ ሌላው ማባዛት መሆኑ ያምታታል። ካምታታችሁ እንዲህ አስቡት፦ ሊትር ከኪሎ ቀለል ያለ ስለሆነ፣ የሊትር ዋጋ ሁልጊዜ ከኪሎ ዋጋ ያንሳል። መልሳችሁ ከዚህ ከተገለበጠ ስሌቱ ተገልብጧል።

የኛ ጀሪካን እንግዲህ፦ 18 ÷ 0.92 = 19.57 ሊትር። ሃያ ሊትር አልሞላም፤ አራት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ይጎድላል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር። ዘይት በሞቃት ቀን ይሰፋል። ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ ይዘቱ በመቶ አንድ ያህል ይጨምራል። ታሽጎ በኪሎ የተሸጠ ዕቃ ላይ ይህ ምንም አያመጣም። በሊትር መለኪያ እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት ላይ ግን በቀትር ፀሐይ ከቆየ በርሜል የተቀዳ 20 ሊትር፣ ሲቀዘቅዝ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። በኪሎ መግዛት የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ክብደት በሙቀት አይለወጥም።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን ለመጠኑ አካፍሉ

ይህ አጭር ነው።

ጠርሙሱ፦ 189 ÷ 0.9 = 210 በሊትር።

ጀሪካኑ፦ 3,600 ÷ 18 = 200 በኪሎ። 200 × 0.92 = 184 በሊትር።

ልዩነቱ 26 ነው። አሁን መለያውን ሳያነብ የሚገዛ ሰው ምን ብሎ እንደሚያሰላ እዩ። ጠርሙሱን «ሊትር በ189»፣ ጀሪካኑን «3,600 ለ20፣ ሊትሩ በ180» ይላል። ልዩነቱ 9 ብቻ ይመስለዋል። «ለ9 ብዬ ይህን ሁሉ አልሸከምም» ብሎ ጠርሙሱን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ላይ ተሳስቷል፤ የጠርሙሱ ስህተት ግን በመጠን ይበልጣል። የጎደለው 100 ሚሊ ሊትር ከትንሹ ዕቃ ላይ አሥር በመቶ ነው።

መደርደሪያ ላይ የነጠላ ዋጋ የሚለጠፍበት ቦታ የምትገበዩ ከሆነ ግማሹ ሥራ ተሠርቶላችኋል። ቢሆንም አንዱ «በሊትር»፣ ሌላው «በኪሎ» ተብሎ እንዳይሆን አረጋግጡ። በኪሎ የተለጠፈው ሁልጊዜ ውድ መስሎ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ከመለያው ውጭ ያለውን ጨምሩና ቀንሱ

ጠርሙስ ከሌላው ዕቃ ጋር በዘንቢል ይመጣል። ጀሪካን ግን ሰው ወይም መኪና ይፈልጋል። ለማጓጓዣ የከፈላችሁትን ጨምሩ። ለሌላ ዕቃ ለማንኛውም የምትከፍሉት ከሆነ ግን ሁሉንም በዘይቱ ላይ አትጫኑት።

ባዶው ጀሪካን ደግሞ ዋጋ ካለው ቀንሱ። ይህን የሚሸጠው ወይም በእርግጥ የሚገለገልበት ሰው ነው የሚቀንሰው። ቤታችሁ ውስጥ አራት ባዶ ጀሪካን ካለ፣ አምስተኛው ለእናንተ ዋጋው ዜሮ ነው።

በምሳሌያችን ማጓጓዣው 60፣ ባዶው ጀሪካን 40 ይሁን። 3,600 + 60 − 40 = 3,620። ለ19.57 ሊትር ስናካፍለው 185 ይሆናል። ልዩነቱ ከ26 ወደ 25 ወረደ። ብዙ አልተነካም።

ጀሪካን ግድግዳ ላይ የሚቀረው ዘይት ያሳስባቸው የነበሩ ሰዎች አሉ። እውነት ነው ይቀራል፤ ነገር ግን ጠርሙስ ላይም ይቀራል። ሃያ ሊትር ለመድረስ ከሃያ በላይ ጠርሙስ ትጨርሳላችሁ፤ እያንዳንዱ ግድግዳው ላይ ጥቂት ግራም ይዞ ይወጣል። ሲደመር ከጀሪካኑ ያነሰ አይሆንም። ስለዚህ ሁለቱን አቻችዬ ከስሌቱ አውጥቼዋለሁ።

መቁጠር ያለበት የሚፈሰው ነው። ሙሉ ጀሪካን ከባድ ነው፣ አፉም ሰፊ ነው፤ ሲዘነበል ጉርርር ብሎ በአንድ ጊዜ ይመጣል። እስኪያልቅ ድረስ 250 ግራም ፈሰሰ እንበል። ይህ ከሩብ ሊትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው፤ 0.27 ሊትር። እጃችን ላይ 19.3 ሊትር ቀረ። 3,620 ÷ 19.3 = 188 ገደማ።

ድስት ውስጥ የሚገባው የጀሪካን ሊትር ዋጋ ይህ ነው፦ 188። የጠርሙሱ 210። ልዩነቱ 22። ይህ ግን ዘይቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ለሚጨርስ ቤት ነው።

ደረጃ 5፦ ድንበራችሁን አግኙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ስሌት ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። የጀሪካኑን ሙሉ ወጪ ለጠርሙሱ የሊትር ዋጋ አካፍሉ።

3,620 ÷ 210 = 17.2 ሊትር።

ትርጉሙ ይህ ነው። በ3,620 የጠርሙስ ዘይት ብትገዙ 17.2 ሊትር ታገኙ ነበር። ስለዚህ ከጀሪካኑ ቢያንስ 17.2 ሊትር ካልተጠቀማችሁ ከስራችሁ። ከዚያ በላይ የምትጠቀሙት ሁሉ ትርፍ ነው። ከ19.3 ሊትር ውስጥ ትርፉ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው፤ ጀሪካኑ ገና ሲከፈት ማትረፍ የጀመረ ይመስለዋል። በወጪ ደረጃ ግን ጀሪካን ማትረፍ የሚጀምረው ሊያልቅ ሲል ነው። በመሐል ከተበላሸ፣ ከተሰረቀ ወይም ከተደፋ፣ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን ከድንበሩ ጋር አስተያዩ

በወር ስንት ሊትር እንደምትጨርሱ ካላወቃችሁ፣ አሁን ያለውን ጠርሙስ የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ሲያልቅ ቀኑን ቁጠሩ። ሁለትና ሦስት ጠርሙስ እንዲህ ካደረጋችሁ አማካዩ ይታወቃል። በግምት አትሥሩ፤ ሰው የራሱን ዘይት ሲገምት አሳንሶ ነው የሚገምተው።

በወር 4 ሊትር የሚጨርስ ቤት 19.3 ሊትሩን አምስት ወር ሳይሞላ ይጨርሳል። ለእርሱ ትርፉ 430 ያህል ነው፤ በወር ሲከፈል 90 ገደማ። በወር 2 ሊትር ተኩል የሚጨርስ ቤት ግን ድንበሩ ላይ ለመድረስ ብቻ ሰባት ወር ያህል ይፈጅበታል። በስድስተኛው ወር ዘይቱ ተበላሽቶ ቢጣል፣ የተጠቀመው 15 ሊትር ነው። 3,620 ÷ 15 = 241። ጠርሙስ ቢገዛ 210 ነበር።

ታዲያ ዘይት ተከፍቶ ስንት ጊዜ ይቆያል? አንድ ቁጥር የለም፤ ዓይነቱና አያያዙ ይወስነዋል። ዘይት የሚበላሸው በአየር፣ በብርሃንና በሙቀት ነው። የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ከአየር ጋር ቶሎ ይዋሐዳል፤ የፓልም ዘይት በአንጻሩ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ብልሽቱ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጀሪካንና ቀዝቃዛ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ያለ ጀሪካን፣ አንድ ቀን ቢገዙም አብረው አያረጁም። እኔ ለሱፍ ዘይት ከተከፈተ በኋላ ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር ብዬ ነው የማሰላው። ለፓልም ስድስት ወር። ይህ ጠንቃቃ ግምት ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ጀሪካን ላይ የተለየ ችግር አለ። ዘይቱ በቀነሰ ቁጥር በላዩ የሚገባው አየር ይበዛል። ግማሽ ሲደርስ አሥር ሊትር ዘይት ከአሥር ሊትር አየር ጋር ታሽጎ ይቀመጣል፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም አየሩ ይታደሳል። የመጨረሻው ሩብ ከመጀመሪያው ሩብ ይልቅ ቶሎ የሚበላሸው ለዚህ ነው። ትርፉ ያለው ደግሞ እዚያው መጨረሻው ላይ መሆኑን አትርሱ።

የተበላሸ ዘይትን ለማወቅ አንድ ማንኪያ በትንሽ ስኒ ቀድታችሁ በእጃችሁ አሙቁትና አሽቱት። ደኅናው ምንም ያህል ሽታ የለውም። የተበላሸው የቆየ ቀለም ወይም የከረመ ለውዝ ይሸታል። በምላስ ጫፍ ሲቀመስ ጉሮሮ ይከረክራል። እንዲህ ካለ ለመጥበሻም አይሆንም፤ እሳት ሽታውን አያጠፋውም። በቅዝቃዜ መደፍረስና መርጋት ግን ብልሽት አይደለም። የፓልም ዘይት በተለይ ቀዝቀዝ ሲል ከታች ነጭ ነገር ይረጋበታል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይጠራል።

ደረጃ 7፦ እጃችሁን ተቆጣጠሩ

ይህ በካልኩሌተር ላይ አይታይም፤ የጀሪካንን ትርፍ ከሁሉም በላይ የሚበላው ግን እርሱ ነው። ዘይት በብዛት ሲኖር ሰው በብዛት ይጨምራል። ጠርሙሱ እያለቀ ሲሄድ ግን ሳይታወቀው ይቆጥባል።

በወር 2 ሊትር ተኩል በጠርሙስ ስትጠቀሙ ወጪያችሁ 525 ነው። ጀሪካን ገዝታችሁ ወደ 2.8 ሊትር ከፍ ብትሉ፣ 2.8 × 188 = 526። ትርፉ በሙሉ ሄደ። ያ ጭማሪ በቀን ሲከፈል 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያነሰ። በዓይን የሚለይ ሰው የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከጀሪካን በቀጥታ ድስት ላይ አትቅዱ። ሁልጊዜ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታችሁ ከዚያ ተጠቀሙ፤ ጠርሙሱ የተሞላበትን ቀንም ክዳኑ ላይ ጻፉ። ጠርሙሱ ከበፊቱ ቶሎ ማለቅ ከጀመረ ወዲያው ታውቃላችሁ።

እንዴት ቀድቶ ማስቀመጥ ይሻላል?

ጀሪካኑ በተከፈተበት ቀን ሁሉንም ወደ ትናንሽ ዕቃ መገልበጥ ነው የሚሻለው። አንድ ጊዜ ይደክማል እንጂ ዘይቱን ያቆየዋል፤ እስከ አፉ የተሞላና የተከደነ ጠርሙስ ውስጥ አየር የሚገባበት ቦታ የለም። አምስት ሊትር የሚይዙ አራት ዕቃዎች ካሏችሁ ይበቃሉ።

ዕቃዎቹን አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቋቸው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ጠርሙስ ስር የቀረ ውኃ ግን ዘይቱን ያበላሻል፣ ሲሞቅም ያፈነጥቃል። ሥሩን ማድረቅ ካልቻላችሁ አንድ ቀን ገልብጣችሁ ተዉት። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበትን ዕቃ በምንም ዓይነት አትጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ሽታውንም ነገሩንም ይዞ ይቆያል። የአሮጌ ዘይት ቅሪት ላይም አዲስ አትጨምሩ፤ የተበላሸው የአዲሱን ብልሽት ያፋጥነዋል።

ከስር የረጋ ነገር ካለ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ጀሪካኑን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አቆዩትና ወዘወዝ አድርጉት። አለዚያ የላይኛው ቀጭን፣ የታችኛው ወፍራም ሆኖ ይከፋፈላል።

እንዳይፈስ፣ ጀሪካኑን ጠረጴዛ ወይም ደረጃ ጠርዝ ላይ አጋድሙና መጀመሪያ ወደ ጆግ፣ ከጆግ ወደ ጠርሙስ ገልብጡ። የጀሪካኑ አፍ ወደ ላይኛው በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ አጋድሙት። ያን ጊዜ አየር ከላይ ይገባል፣ ዘይቱ ከታች በጸጥታ ይፈስሳል፤ ያ ጉርርር የሚለው ነገር ይቀራል። ከስር ትሪ አድርጉ።

ጀሪካን ለማይሆነው ቤት

በወር ከሦስት ሊትር በታች የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ጀሪካን አትግዙ። መሐለኛውን እዩ። በምሳሌያችን ባለ 5 ሊትሩ ዕቃ 975 ቢሸጥ፣ ሊትሩ 195 ነው። ከጠርሙሱ በ15 ይረክሳል። ጀሪካኑ የሚረክሰው በ22 ነበር። ከትርፉ ሁለት ሦስተኛውን በሁለት ወር በሚያልቅ ዕቃ አገኛችሁ ማለት ነው። የቀረችውን 7 ለማግኘት 3,600 አስራችሁ ስምንት ወር መጠበቅ አያዋጣም።

ሌላው መንገድ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር መካፈል ነው። ሦስት ቤት አንድ ጀሪካን ቢካፈል ለያንዳንዱ 6 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ሊትር ተኩል ይደርሰዋል። በሚዛን ተካፈሉ። ባዶውን ዕቃ መጀመሪያ መዝኑ፣ ከዚያ ዘይቱን እየጨመራችሁ 6 ኪሎ ሲሞላ አቁሙ። በጠርሙስ ቁጥር ስትካፈሉ የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ ይጎድልበታል፤ የፈሰሰው ሁሉ ከእርሱ ላይ ነውና።

ዋጋ ሲለወጥ

የዘይት ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ጠርሙሱና ጀሪካኑም አብረው አይወጡም፣ አብረው አይወርዱም። አዲስ ዋጋ የገባበት ሳምንት አሮጌው ጠርሙስ በአሮጌ ዋጋ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ጀሪካኑ በአዲሱ ሊሸጥ ይችላል። ያን ጊዜ ጠርሙሱ ይረክሳል። ቅናሽም የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙስ ላይ ነው።

በየጊዜው ሁሉንም ስሌት እንዳትደግሙ፣ አንድ የድንበር ዋጋ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ድስት የሚገባውን የጀሪካን ሊትር ዋጋ በጠርሙሱ መጠን አባዙ፦ 188 × 0.9 = 169። ባለ 900 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ከ169 በታች ከወረደ፣ ጀሪካኑን ትታችሁ ጠርሙሱን ግዙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጀሪካኑ ይሻላል፤ በጊዜ እስከጨረሳችሁት ድረስ። ቁጥሩን መቀየር ያለባችሁ የጀሪካኑ ዋጋ ወይም የጠርሙሱ መጠን ሲለወጥ ነው። የጠርሙሱን መጠን በተለይ አሁንም አሁንም እዩ፤ ዋጋው ሳይነካ 900 የነበረው 850 ሊሆን ይችላል። በዚያው በ189 ከተሸጠ የሊትሩ ዋጋ ከ210 ወደ 222 ወጥቷል።